አንድ ጉባኤ፣ ሦስት ምሳ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል በተካሄደ የአንድ ቀን ጉባኤ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ቀኑ አርብ ነው፤ ጾሙ ሁዳዴ። የክብር እንግዳው አረፈዱ፣ የመክፈቻው ንግግር ረዘመ፣ ከንግግሩ ቀጥሎ ፎቶ መነሣት መጣ። 6:30 ይከፈታል የተባለው ምሳ 7:10 ላይ ተከፈተ። ሙስሊሞቹ ተሳታፊዎች ግን ጁምዓ እንዳያመልጣቸው ቀድመው ወጥተዋል። ከመስጊድ ሲመለሱ ለእነሱ ተብሎ የተሠራው ጥብስ አልቋል፤ የተረፈው እንጀራ ጠርዙ ደርቋል። ሽሮው አለ፤ ነገር ግን ከቅቤው ወጥ የመጣ ጭልፋ ገብቶበታልና ጾመኞቹ ከሩቅ አይተው አለፉት። አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ደግሞ እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ስለነበሩ የምሳውን ሰዓት ጋዜጣ ሲያነብቡ አሳለፉት። 9:15 ላይ ሻይ ሲቀርብ ተነሥተው ሄዱ። ጠረጴዛው ላይ የነበረው የቅቤ ብስኩትና ኬክ ነው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥተው ተመለሱ።

በዚያ ቀን ምግብ አልጎደለም። የጾሙም የፍስኩም ተሠርቷል፤ ሼፉ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ችግሩ ከሰዓቱ ነው። አዘጋጆቹ «ምን እናብላ?» የሚለውን በደንብ አስበውበታል። «መቼ?» የሚለውን ግን ከንግግሮቹ መካከል የተረፈው ክፍተት እንዲወስንላቸው ተዉት። ከዚያ ወዲህ በገባሁበት ጉባኤ ሁሉ ዓይኔ ከመድረኩ ይልቅ ወደ ቡፌው መሄድ ለምዷል፤ ያየሁትም በአብዛኛው ያንኑ ስሕተት ነው።

«የጾም አለ» መባሉ ብቻ

ሌላ አገር የምግብ ልዩነት ሲባል ነገሩ በአብዛኛው ስለሚበላው ዓይነት ነው። እኛ ዘንድ ስለ ሰዓቱም ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከበዓለ ሃምሳ በቀር ረቡዕና አርብን ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ሁሉም ሲደመር በዓመት ከ180 ቀን ያላነሰ ጾም አለ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማይበላ ማንኛውም የሆቴል ወጥ ቤት ያውቃል። የሚረሳው፣ ጾመኛ ሁሉ በአንድ ሰዓት አለመብላቱ ነው። ጠዋት የጾም ቁርስ በልቶ የሚመጣ አለ፤ እስከ 6 ወይም እስከ 7 ሰዓት የሚቆይ አለ፤ እስከ 9 ሰዓት እህል ውሃ የማይቀምስም አለ። የመጨረሻው ሰው ቡና እንኳ አይጠጣም። ስለዚህ የ4 ሰዓቱ ሻይ ቡና ለእሱ የለም፤ የ6 ሰዓቱ ምሳም የለም። አዘጋጁ «የጾም አለ» ሲል የጥያቄውን ግማሽ ብቻ መልሷል።

ጁምዓም የሰዓት ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ እኩለ ሰማይ የምትደርሰው እንደ ወቅቱ ከ6 ሰዓት ከ10 ገደማ እስከ 6 ሰዓት ከ40 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ኹጥባውና ሶላቱ ከዚያ በኋላ ይከተላሉ። መውጣትና መመለስ ሲታከልበት አንድ ሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል ባላነሰ ጊዜ ከአዳራሹ ይርቃል። መንግሥት ይህን ቀድሞ አውቆታል፦ በመሥሪያ ቤት የአዘቦቱ የምሳ ዕረፍት ከ6:30 እስከ 7:30 ሲሆን የአርብ ግን ከ5:30 እስከ 7:30 ነው። የጉባኤ አዘጋጆች ግን ያለፈውን የማክሰኞ ጉባኤ መርሐ ግብር ይገለብጡና ቀኑን ብቻ «አርብ» ብለው ይቀይራሉ።

ሦስተኛው ባለ ሰዓት የስኳር ሕመምተኛው ነው። ኢንሱሊን ወይም ስኳርን አጥብቀው የሚያወርዱ አንዳንድ እንክብሎችን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን ወስዶ ምግቡ 40 ደቂቃ ሲዘገይበት የሚገጥመው መራብ ብቻ አይደለም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ሐሳቡ ይደናገራል። ምሳው እንደሚዘገይ በታወቀ ቅጽበት ለአዳራሹ መናገርና አዳራሹ ጥግ ላይ ጭማቂና ዳቦ ማኖር የግድ የሆነው ለዚህ ነው። «ይቅርታ፣ ትንሽ ዘገየን» ተብሎ ምሳ ላይ ሲነገር ለእሱ ዘግይቷል።

እንስሳት ነክ ነገር የማይበላው የውጭ እንግዳ ከሁሉም የሚቀለው ነው፤ የጾም በያይነቱ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ይመስላል። ይልቅ ስንዴና ገብስ የሚጎዳው ሰው ነው አደጋ ላይ የሚወድቀው። ጤፍ ይስማማዋል፤ ገበያ ላይ ያለው እንጀራ ግን ሁልጊዜ ጤፍ ብቻ አይደለም፣ ገብስ ወይም ስንዴ ሊቀላቀልበት ይችላል። «እንጀራ ነው፣ ይበላል» ከማለት በፊት ዱቄቱን የገዛውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል። እርግጠኛ ካልተሆነ ለእሱ ሩዝ ለብቻ ቀቅሎ በክዳን ማስቀመጥ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ለማወቅ መመዝገቢያው ቅጽ ላይ ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች ይበቃሉ። ብዙዎች «የተለየ የምግብ ፍላጎት አለዎት?» ብለው ይጠይቃሉ። ጾመኛው ራሱን የተለየ አድርጎ ስለማያይ «የለኝም» ይላል፤ እውነቱን ነው። ይልቅ «በዚያ ቀን የሚበሉት የትኛውን ነው፦ የጾም፣ በሙስሊም የታረደ፣ በክርስቲያን የታረደ፣ ሌላ?» ብሎ መጠየቅ፣ ቀጥሎም «ከስንት ሰዓት በፊት አይበሉም?» ማለት ነው። የሁለተኛውን ጥያቄ መልስ ሳይይዝ መርሐ ግብር የሚጽፍ ሰው በግምት እየሄደ ነው።

አንድ አርብ በቁጥር

240 ሰው የሚገኝበት የአንድ ቀን ጉባኤ አለ እንበል። ቀኑ አርብ፣ ጊዜው ሁዳዴ፣ ረመዳን ግን ያልገባበት ዓመት ነው። የመመዝገቢያው ቅጽ ተሰብስቦ ሲቆጠር የሚከተለው መጣ። 120ው የሚጾሙ ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ ከእነሱ 40ው ጊዜ ሳይመርጡ የጾም ይበላሉ፣ 45ቱ እስከ 7 ሰዓት ይቆያሉ፣ 35ቱ እስከ 9። ሙስሊሞቹ 70 ናቸው፤ 50ው ጁምዓ ይሄዳሉ። 30ው የማይጾሙ የአገር ልጆች፣ 20ው የውጭ እንግዶች ናቸው።

ሁሉንም በአንድ ምሳ ካስገባናቸው ምን እንደሚሆን መጀመሪያ እንይ። ቡፌ የራሱ ፍጥነት አለው። በስልክ ሰዓት መለካት ይቻላል፦ ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሞ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስንት ሰው ሳህኑን ሞልቶ እንደወጣ መቁጠር ነው። ከጠረጴዛው በአንድ ጎን ብቻ የሚሄድ ሰልፍ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ወደ ሦስት ሰው ያሳልፋል። 240 ሰው በአንድ ጎን ሲያልፍ 80 ደቂቃ ይፈጃል። የምሳው ሰዓት 60 ደቂቃ ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ንግግር ሲጀመር 60 ሰው ገና ሳህን ይዞ ቆሟል ማለት ነው። ጠረጴዛው ከግድግዳ ተነቅሎ ሰው በሁለቱም ጎን እንዲሄድ ቢደረግ 40 ደቂቃ ይሆናል። ሆቴሉ አንድ ሳንቲም ሳይጨምር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። ይህን ቀላል ነገር ግን ሁልጊዜ መናገር ያስፈልጋል፤ አስተናጋጆች ጠረጴዛውን ግድግዳ ላይ ማስጠጋት ይወድዳሉ፣ ያምራልና።

አሁን ቀኑን በቅጹ ላይ በመጡት ሰዓቶች እንከፋፍለው። ጉባኤው 2:15 ይጀምራል። የጠዋቱ ሻይ ቡና ከ3:50 እስከ 4:20 ነው። ሁለተኛው ውይይት 5:40 ያበቃና እስከ 7:40 ሁለት ሰዓት ሙሉ ይለቀቃል። በመርሐ ግብሩ ላይ የሚጻፈው «ምሳና የጸሎት ሰዓት» ነው። በዚህ ሁለት ሰዓት ውስጥ ቡፌው ሁለት ጊዜ ይከፈታል። መጀመሪያ 5:45 ላይ፣ ቀጥሎ 7:00 ላይ። ሦስተኛው ምሳ 9:00 ላይ ከሻይ ቡናው ጋር ይመጣል።

በመጀመሪያው የሚበሉት 40ው ጾመኞች፣ ጁምዓ የማይሄዱት 20 ሙስሊሞች፣ 30ው የማይጾሙትና 20ው እንግዶች ናቸው፤ 110 ሰው። በሁለተኛው እስከ 7 የሚቆዩት 45 ጾመኞችና ከመስጊድ የተመለሱት 50፤ 95 ሰው። በሦስተኛው 35ቱ። እነዚህን ለማስማማት ብለን የከፈልነው ምሳ ሰልፉንም ከፈለልን። 240 ሰው በአንድ ጊዜ ይጋፋበት የነበረው በር አሁን በአንድ ጊዜ 110 ብቻ ያስተናግዳል። አዘጋጆች ሁለት ዙር ሲባሉ ሥራ የበዛባቸው ይመስላቸዋል። ወጥ ቤቱን ብትጠይቁት ግን የሚነግራችሁ ሌላ ነው፤ ሁለት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ማውጣት አንድ ጊዜ ብዙ ከማውጣት ይቀለዋል፣ እንጀራውም ጥብሱም ትኩስ ይወጣል።

ሁለት ሰዓት ያለ ንግግር ማለፉ የሚያስጨንቀው አዘጋጅ ይኖራል። ሌላ ቀን 1 ሰዓት ይበቃል። አርብ ላይ ግን ይህን ሁለት ሰዓት ያልሰጠ ጉባኤ ሰዓቱን አያተርፈውም፤ 50 ሰው በሌለበት አዳራሽ ያወራበታል።

ሰልፉ የት እንደሚቆም

በደቂቃ ሦስት ሰው ማለፉ ራሱ በእንጀራው ላይ የተመካ ነው። ሰልፍ የሚያቆመው ወጡ አይደለም። ሰው ሙሉ እንጀራ ከመሶብ አንሥቶ፣ አጥፎ፣ ቆርሶ፣ የተረፈውን ሲመልስ ነው ኋላው የሚቆመው። እንጀራው አስቀድሞ ለሁለት ተቆርጦና ተጠቅልሎ ከሳህኑ ቀጥሎ በመጀመሪያ ይቀመጥ። ሰላጣ ካለ የሚነሣበት መቆንጠጫ ሁለት ይሁን። ሹካና ናፕኪን ከሰልፉ ወጥተው መቀመጫው ጠረጴዛ ላይ ይጠብቁ።

ከዚያ በፊት ግን ከቡፌው የሚቀድም ሌላ ሰልፍ አለ፣ መርሐ ግብር ጸሐፊ ሁሉ የሚዘነጋው፦ የእጅ መታጠቢያው። ምግቡ እንጀራ ከሆነ ሰው ሁሉ ይታጠባል። በሳሙና ታጥቦ እጁን እስኪያደርቅ ግማሽ ደቂቃ ይፈጅበታል። የሆቴሉ መታጠቢያ አራት ቧንቧ ካለው በደቂቃ ስምንት ሰው ያሳልፋል፤ 110 ሰው ለመታጠብ 14 ደቂቃ ይፈልጋል። ሁለት ጠረጴዛ በየሁለት ጎኑ የከፈተ ቡፌ በደቂቃ 12 ሰው የማሳለፍ አቅም አለው። ስለዚህ ሦስተኛ ጠረጴዛ መጨመር ምንም አይፈይድም፤ ሰውን የያዘው ቧንቧው ነው። መድኃኒቱ የቤታችን ማስታጠቢያ ነው። በአዳራሹ በር ላይ ሁለት አስተናጋጆች ማንቆርቆሪያና ሳሙና ይዘው፣ ፎጣና የእጅ መጥረጊያ ወረቀት አዘጋጅተው ቢቆሙ ሰልፉ ይፈታል። እናቶቻችን ድግስ ላይ ሲያደርጉት ለአክብሮት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሁለቱ ጠረጴዛዎች የጾምና የፍስክ ናቸው፤ አይገጣጠሙም። በመካከላቸው ሰው የሚያልፍበት ሦስት አራት እርምጃ ይኑር። ይህ ለአክብሮት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ምግቡ የሚበላሸው በጭልፋው ነው። የምስሩ ጭልፋ ሲጠፋ ሰው አጠገቡ ያለውን ያነሣል፤ አጠገቡ ያለው ከቅቤ ወጥ ውስጥ የወጣ ከሆነ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ያ ምስር የጾም አይደለም። ርቀቱ እጅን ያስቆማል። የጾሙ ጠረጴዛ ጭልፋዎች እጀታቸው በሌላ ቀለም ቢሆን፣ ወይም ቀይ ክር ቢታሰርባቸው፣ ያለ ቦታው የተቀመጠ ጭልፋ ከሩቅ ይታያል። ዓሣ የጾሙ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። በጾም ዓሣ የሚበላ አለ፣ በሁዳዴ ጨርሶ የማይነካው ደግሞ ብዙ ነው፤ ክርክሩን ቡፌ ላይ መፍታት አይቻልም፣ ስለዚህ ከፍስኩ ጋር ይሁን።

ሥጋውስ? በአገራችን ልማድ ሙስሊም በክርስቲያን የታረደ አይበላም፣ ኦርቶዶክሱም በሙስሊም የታረደ አይበላም። በፍስክ ቀን ከሆነ ሁለት የሥጋ ጠረጴዛ፣ ሁለት መጥበሻ፣ ሁለት ቢላዋ ያስፈልጋል። ወረቀት ላይ «የሙስሊም» ብሎ መለጠፍ ብቻ ሥጋው በአንድ መክተፊያ ላይ ከተከተፈ ዋጋ የለውም። በሁዳዴ አርብ ግን ነገሩ ይቀላል። ኦርቶዶክሶቹ ሥጋ ስለማይበሉ የፍስኩ ሥጋ በሙሉ በሙስሊም የታረደ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮቴስታንቱም የውጭ እንግዳውም በአብዛኛው አያስቸግረውም፣ ግን ቅጹ ላይ ማየት ነው። አንድ አራጅ፣ አንድ መጥበሻ፣ አንድ ጠረጴዛ ማለት ነው።

ብዛቱን ሲያዙ ደግሞ አዘጋጆች የጾሙን በጾመኛው ቁጥር ልክ ያዛሉ። ይህ ሁልጊዜ ያሳጥራል። የጾም በያይነቱ ሁሉም ሰው የሚበላው ብቸኛ ምግብ ነው፤ ሙስሊሙም፣ ፕሮቴስታንቱም፣ እንስሳት ነክ የማይበላው እንግዳም ከእሱ ይነሣሉ። ጥብስ የያዘ ሰው ጎመንና ምስርም ጨምሮ ይወስዳል። በእኛ ምሳሌ 120 ጾመኛ ስላለ 120 ሰው የሚበቃ ካዘዝን በሁለተኛው ዙር ያልቃል፤ እስከ 7 የቆዩት ባዶ ትሪ ይጠብቃቸዋል። እኔ 240ው ሁሉ ከጾሙ እንደሚነሣ አድርጌ አዝዤ፣ ሥጋውን በሚበሉት ቁጥር ልክ አድርጌ አሳንሰው ነበር።

ሻይ ቡናው

የጠዋቱ ሻይ ቡና አደጋው ማኪያቶ ነው። ሆቴሉ ማሽኑን ያሞግሳል። አንድ ባሪስታ ወተቱን አሙቆ በደቂቃ ሁለት ማኪያቶ ቢያወጣ በ30 ደቂቃ 60 ይሆናል። እስከ 9 ከሚቆዩት 35ቱና ገና ከማይቀምሱት 45ቱ በቀር 160 ሰው ይጠጣል ብንል፣ 100 ሰው ሳይደርሰው ዕረፍቱ ያልቃል። ያውም በአርብ ማኪያቶ ለጾመኛው አይሆንም። ጥቁር ቡናና ሻይ አስቀድሞ ተፈልቶ በትላልቅ ፔርሙዞች ይቅረብ፤ ሻይና ቡናው ጎን ለጎን ካሉ ስፕሪስ የወደደ ራሱ ይቀላቅላል። ወተቱ በሌላ ጠረጴዛ፣ ስሙ ተጽፎበት ይቀመጥ።

ስኳሩም ከፔርሙዙ አጠገብ አይሁን። ሰው ቡናውን ቀድቶ እዚያው ቆሞ ስኳር ሲጨምርና ሲያማስል ነው ሰልፉ የሚቆመው። ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ የስኳርና የማንኪያ ጠረጴዛ ሲኖር ቀጂው ቦታ ይለቃል። ለ160 ሰው አራት የመቅጃ ቦታ በአዳራሹ አራት ጥግ ይበቃል። ከበሩ ፊት ለፊት ግን አንድም አይቀመጥ፤ ከበር የወጣው ሁሉ እዚያው ይቆምና የኋላው ከአዳራሽ መውጣት ያቅተዋል።

ጀበናውስ አይቀርም ወይ? አይቅር፤ ረከቦቱም ዕጣኑም ቄጤማውም ጥግ ይዘው ይኑሩ። ግን አንድ ጀበና ለአሥር ሲኒ ያህል ነው፤ 160 ሲኒ ማለት 16 ጀበና ነው። ቡና የምታፈላው እመቤት ከዕረፍቱ ቀድማ መቁላት ብትጀምር ሽታው አዳራሽ ድረስ ይደርሳል፣ ጥቂቶች አቦሉን ይጠጣሉ፣ የቀረው ሕዝብ ከፔርሙዝ ይጠጣል። ሕዝቡን ሁሉ ከጀበና ለማጠጣት የሞከረ ጉባኤ አይቻለሁ፤ ዕረፍቱ 50 ደቂቃ ወሰደ፣ ጥፋቱም ፈጽሞ በማይመለከታት በቡና አፍይዋ ላይ ተላከከ።

ከቡናው ጋር የሚቀርበው የጾም ዳቦ፣ ቆሎና የምስር ሳምቡሳ ይሁን። ኬኩ የጾም ነው ከተባለ ዳቦ ቤቱ በዘይት መሥራቱን አረጋግጡ። ቆሎው ኦቾሎኒ ወይም ሱፍ የገባበት ከሆነ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ለውዝ ወይም ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው በዓይኑ አይቶ ላያውቀው ይችላል። ዕረፍቱም ከ25 ደቂቃ አይነስ። ከአዳራሽ ወጥቶ ሽንት ቤት ለመድረስ፣ ቡና ለመቅዳትና ለመጠጣት፣ ተመልሶ ለመቀመጥ የሚፈጀውን በሰዓት ለክታችሁ ስታዩ 15 ደቂቃ ብሎ መጻፍ ራስን ማታለል መሆኑ ይታያል።

የ9 ሰዓቱ ሻይ ቡና ግን በእኛ አርብ ላይ ሻይ ቡና ብቻ አይደለም፤ የ35 ሰው ምሳ ነው። በሁዳዴ ከሰኞ እስከ አርብ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ መሆኑ ይህ ሰዓት ለጾመኛው ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳል። እነዚህ ሰዎች ከትናንት ማታ ጀምሮ አልበሉም፣ አልጠጡም። ስለዚህ ዕረፍቱ 40 ደቂቃ ይሁን፣ ለእነሱም ከአዳራሹ አጠገብ ያለ ክፍል ይዘጋጅ፤ ሌላው ብስኩት ሲቀምስ እነሱ በሳህን ሲበሉ ማየት ሁለቱንም ያሳፍራል። የሚበሉት ከምሳ የተረፈ አይሁን። እዚህ ላይ ወጥ ቤቶች ሲያጠፉ አይቻለሁ። ከ5:45 ጀምሮ ቡፌ ላይ የቆየ ሽሮ 9 ሰዓት ሲደርስ ከሦስት ሰዓት በላይ ሆኖታል። በእንፋሎት የሚያሞቀው ቻፊንግ ዲሽ ትኩስ የገባበትን ምግብ ትኩስ አድርጎ ያቆያል እንጂ የቀዘቀዘን አያፈላም። ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ የተቀቀለ ምግብ ሽታው ባይለወጥም ሆድ ያሳምማል፤ ሩዝና ጥራጥሬ ከሥጋ ያልተናነሰ ያስቸግራሉ። ለ35 ሰው የሚሆነው ወጥ 8:30 ላይ ተሠርቶ በቀጥታ ከምድጃ መውጣት አለበት። ይህንንም ከሆቴሉ ጋር በሚፈረመው ውል ላይ «ሦስተኛ ዙር፣ 35 ሰው፣ 9:00፣ አዲስ የተሠራ» ብሎ መጻፍ ነው። ያልተጻፈውን የከሰዓት ፈረቃ ሼፍ ሊያውቀው አይችልም።

ሰዓቱ ሁሉ ተስተካክሎ ቢታቀድ እንኳ የክብር እንግዳው ማርፈዱ አይቀርም። ስለዚህ ከምሳው በፊት ባለው ውይይት ላይ 20 ደቂቃ ተጨማሪ ይታሰብ፤ መርሐ ግብሩ ላይ ግን «ጥያቄና መልስ» ተብሎ ይጻፍ። ጊዜ ካለ ይጠየቃል፣ ከሌለ ይቀራል፣ 5:40 ግን አይነካም። ለወጥ ቤቱም አንድ ሰው ብቻ ይመደብ፤ 5:00 ላይ ደውሎ «በሰዓታችን ነን» ወይም «15 ደቂቃ ዘግይተናል» ይበል። ጥብሱ መጥበሻ ላይ የሚወጣውና እንጀራው ከሽፋኑ የሚገለጠው በዚያ ስልክ ነው። አምስት አዘጋጅ ሲደውል ወጥ ቤቱ የሚሰማው የመጀመሪያውን ነው።

ረመዳን ከሁዳዴ ጋር ሲገጥም፣ በ2016፣ በ2017 እና በ2018 እንደሆነው፣ ሁለተኛው ዙር ይቀንሳል እንጂ የጸሎቱ ሰዓት አይቀንስም። ሙስሊሙ ጨርሶ ስለማይበላ ጉባኤው ከ10:30 ባይዘልል ይመረጣል፤ ከዘለለ ግን በዚያ ሰሞን ፀሐይ የምትጠልቀው 12:40 ገደማ ነውና ተምርና ውሃ ይዘጋጅ።

በ2019 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 29 ቀን ሰኞ ነው፤ ረመዳን የሚፈታውም በዚያው ሰሞን ነው። በዚያ ሳምንት ጉባኤ ያሰባችሁ ካላችሁ አዳራሹን ከመያዛችሁ በፊት ቀን መቁጠሪያውን እዩልኝ።